የዓረቢያ ፕሌት፦ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እሳተ ገሞራ እና ተራራ ለምን በተለያየ ቦታ ይከሰታሉ?

በአፋር በረሃ ምድር እየተሰነጠቀች ከስንጥቁ ውስጥ ቅልጥ አለት ይወጣል። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ እና በሰሜን ሶሪያ በ2023 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተሞችን አፈራርሶ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በዚያ ስንጥቅ ላይ የፈነዳ እሳተ ገሞራ አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ኢራን ደግሞ ከባሕር ወለል የተነሡ ድንጋዮች ተጣጥፈው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሆነዋል።

እነዚህ ሦስት ስፍራዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁና የተለያዩ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የሦስቱም መነሻ አንድ ነው። የዓረቢያን ምድር የተሸከመው የምድር ቁራጭ ከአፍሪካ እየራቀ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በመጓዝ ላይ ይገኛል። ይህ ቁራጭ በአንዱ ጎኑ ከጎረቤቱ ይለያያል፣ በሌላው ጎኑ ይፋተጋል፣ በሦስተኛው ጎኑ ደግሞ ይጋጫል። በየዳርቻው የሚታየው አደጋ የሚለያየውም በዚህ ምክንያት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሌት ምንድን ነው?

የምድር የላይኛው ክፍል ጠንካራና ቀዝቃዛ አለት ነው። ይህ ክፍል አንድ ወጥ ሽፋን ሳይሆን እንደተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት በትላልቅና በትናንሽ ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፕሌት ይባላል። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በአብዛኛው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ከፕሌቶቹ በታች ያለው ማንትል የተባለው የምድር ክፍል ብዙዎች እንደሚያስቡት የቀለጠ ባሕር አይደለም። እርሱም ጠጣር አለት ነው። ነገር ግን እጅግ የጋለ በመሆኑ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ እንደ ሰም ይለመጣል። ፕሌቶቹ በላዩ ላይ መንቀሳቀስ የሚችሉት ስለዚህ ነው።

የዓረቢያ ፕሌት ከመካከለኞቹ አንዱ ነው። በምዕራብ ቀይ ባሕር፣ በደቡብ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በሰሜን ምዕራብ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በሙት ባሕር በኩል እስከ ቱርክ የሚዘልቅ ረጅም ስንጥቅ፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የኢራን የዛግሮስ ተራሮች ያዋስኑታል።

መንቀሳቀሱ በምን ታወቀ?

ጀርመናዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ አልፍሬድ ቬገነር አህጉራት በአንድ ወቅት ተያይዘው እንደነበሩና በኋላ እንደተለያዩ በ1912 ይፋ ባደረገ ጊዜ በርካታ ሳይንቲስቶች ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ያን ያህል ግዙፍ ምድር ምን ኃይል እንደሚያንቀሳቅሰው አሳማኝ ማብራሪያ አላቀረበም ነበርና ነው።

የቀይ ባሕርን ካርታ የተመለከተ ሰው የሐሳቡን መነሻ በቀላሉ ይረዳል። የዓረቢያን ምድር ወደ አፍሪካ መልሰን ብንገፋው ሁለቱ የባሕር ዳርቻዎች በብዙ ስፍራ ይገጥማሉ። አንድ ችግር ግን አለ። የየመን ደቡብ ምዕራብ ጥግ በአፋር ላይ ይደረባል። ሁለት ምድር በአንድ ቦታ ሊቀመጥ ስለማይችል ይህ ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ሐሳቡን የሚያፈርስ ይመስላል።

መልሱ የተገኘው ከአፋር አለት ዕድሜ ነው። አብዛኛው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ከጥልቅ በወጣ ቅልጥ አለት የተሠራ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዓረቢያ እና አፍሪካ ተያይዘው በነበሩበት ዘመን ይህ ምድር ገና አልነበረም። የተፈጠረው እነርሱ ሲለያዩ የተከፈተውን ቦታ ለመሙላት ነው። ተቃራኒ ማስረጃ የመሰለው መደራረብ በዚህ መንገድ ደጋፊ ማስረጃ ሆነ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከባሕር ወለል የመጣ ነው። ቅልጥ አለት በሚቀዘቅዝበት ጊዜ በውስጡ ያሉት የብረት ማዕድናት በዚያ ወቅት በነበረው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይደረደራሉ። የምድር መግነጢስ ደግሞ በረጅም ዘመናት ውስጥ ሰሜኑና ደቡቡ ይገላበጣል። የመጨረሻው መገላበጥ የተከሰተው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። የባሕር ወለል ከመካከሉ እየተከፈተ አዲስ አለት የሚፈጠር ከሆነ በሁለቱም ጎን ተመሳሳይና ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው መስመሮች እየተፈራረቁ መገኘት አለባቸው። ፍሬድ ቫይን እና ድራሞንድ ማቲውስ የተባሉት እንግሊዛውያን በ1963 ያሳተሙት ሐሳብ ይኸው ነበር። መስመሮቹም በዓለም ውቅያኖሶች ተገኙ፤ በቀይ ባሕር መካከል በሚገኘው ጥልቅ ሸለቆም አሉ።

ከዚህ መስመር ስፋት ፍጥነትን ማስላት ይቻላል። በደቡባዊ ቀይ ባሕር ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ከሆነ፣ ከመጨረሻው መገላበጥ ወዲህ የተፈጠረው የመካከለኛው መስመር ስፋት 780 ሺህ ሲባዛ በ1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 12 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ስሌቱ በተቃራኒውም ይሠራል። መርከብ ላይ የተጫነ መሣሪያ የመስመሩን ስፋት ከለካ ዓመታዊው ፍጥነት ይታወቃል።

ሦስተኛው ማስረጃ በዘመናችን የተገኘው የጂፒኤስ ልኬት ነው። ከአለት ጋር በጥብቅ የተያያዙ መቀበያዎች በዓረቢያ እና በአፍሪካ ተተክለው ርቀታቸው ለዓመታት ተለክቷል። በደቡባዊ ቀይ ባሕር የተገኘው ፍጥነትም ከባሕሩ ወለል መግነጢሳዊ መስመሮች ከተሰላው ጋር ይቀራረባል። አንዱ የመቶ ሺዎች ዓመታትን፣ ሌላው የጥቂት ዓመታትን ጉዞ የለኩ ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ወደ አንድ መልስ መድረሳቸው የፕሌቶች እንቅስቃሴ ከመላምትነት እንዲያልፍ አድርጓል።

የመጀመሪያው ዳርቻ፦ መለያየት በአፋር

ሁለት ፕሌቶች ሲለያዩ ከበታቻቸው ያለው የጋለ አለት ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ላይ ይወጣል። አለቱ የሚቀልጠው ተጨማሪ ሙቀት ስላገኘ አይደለም። በጥልቅ ሳለ ጠጣር አድርጎ የያዘው ከላዩ የተጫነው ግፊት ነበር፤ ወደ ላይ በወጣ መጠን ግፊቱ ስለሚቀንስ ከፊሉ ይቀልጣል። ስለዚህ በመለያያ ዳርቻ ላይ እሳተ ገሞራ መኖሩ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ክስተት በየብስ ላይ በግልጽ ከታየባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ በመስከረም ወር 2005 በአፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ የተፈጸመው ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አካባቢው ከመቶ በላይ መካከለኛ በሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦች ተናወጠ። አርብቶ አደሮች የሚኖሩበት ምድር ተሰነጠቀ፤ ከአንድ ስንጥቅም አመድ ተተፋ። የሳተላይት ራዳር ምስሎች ከክስተቱ በፊትና በኋላ ሲነጻጸሩ ደግሞ በዓይን ከታየው እጅግ የሚበልጥ ነገር ተገኘ።

ቅልጥ አለቱ በአብዛኛው ወደ ላይ አልወጣም። ከምድር በታች ቀጥ ብሎ እንደቆመ ግድግዳ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ሁለቱን ወገኖች ሰንጥቆ ገባ። በሰፊው ቦታ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተከፍታለች። ከግድግዳው በላይ ያለው መሬት ወደ ታች ሲሰምጥ ሁለቱ ጎኖች ከፍ አሉ። ስምጥ ሸለቆ ስምጥ የሚሆነው በዚህ ዓይነት ድርጊት መደጋገም ነው።

በዚህ አካባቢ ሁለቱ ፕሌቶች የሚለያዩት በዓመት ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ባለው ፍጥነት ነው። 8 ሜትር ለመከፈት በዚህ ፍጥነት ከ400 እስከ 530 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚህ የምንረዳው ፕሌቶች ርቀው በሚገኙ ስፍራዎች ሳያቋርጡ ቢጓዙም በዳርቻቸው ላይ ግን ለረጅም ዘመን ተጣብቀው እየተለጠጡ ቆይተው በድንገት እንደሚላቀቁ ነው። ከዚያም በኋላ እስከ 2010 ድረስ በዚያው መስመር ሌሎች አነስተኛ ሰርጎ መግባቶች ተከትለዋል። በጅቡቲም በኖቬምበር 1978 በአሳል ሐይቅ አቅራቢያ ተመሳሳይ መከፈት ታይቶ አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ተወልዷል።

የአፋር የመሬት መንቀጥቀጦች ብዙ ቢሆኑም እንደ ቱርኩ ግዙፍ የማይሆኑበት ምክንያት አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በሚሰበረው የአለት ስፋትና ርዝመት፣ እንዲሁም ስብራቱ በሚንሸራተተው ርቀት ነው። በአፋር ምድሪቱ የሳሳችና የጋለች በመሆኗ መሰበር የሚችለው ቀዝቃዛ አለት ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። የጋለ አለት ደግሞ ከመሰበር ይልቅ ይለመጣል።

አፋር የሦስት ክንዶች መገናኛም ነው። ሁለቱ ቀይ ባሕር እና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ናቸው። ሦስተኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘልቀው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሲሆን፣ እርሱ የዓረቢያ ፕሌት ዳርቻ ሳይሆን የአፍሪካን ምድር ለሁለት የሚከፍል መስመር ነው። እዚህ ፍጥነቱ በዓመት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ እና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ያፈናቀሉት ተከታታይ መንቀጥቀጦች የዚህ ክንድ ናቸው። ያኔም ዋናው ምክንያት ከምድር በታች ሰርጎ የገባ ቅልጥ አለት ነበር።

ሁለተኛው ዳርቻ፦ መፋተግ ከአቃባ እስከ ቱርክ

በሰሜን ምዕራብ ዳርቻው የዓረቢያ ፕሌት ከጎረቤቱ አይለያይም፤ ጎን ለጎን ተፋትጎ ወደ ሰሜን ያልፋል። ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በሙት ባሕርና በዮርዳኖስ ሸለቆ የሚያልፈው ስንጥቅ የዚህ ጉዞ መስመር ነው።

እዚህ ያለው ማስረጃ በመዶሻና በካርታ የሚጣራ ነው። በእስራኤል ቲምና እና በዮርዳኖስ ፌይናን ጥንታዊ የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች አሉ። መዳቡን የያዙት የአለት ንብርብሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነገር ግን በስንጥቁ ሁለት ወገን ሆነው ይራራቃሉ። እነዚህንና ሌሎች መሰል ንብርብሮችን በማገጣጠም የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ አንጻር 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን መጓዙን አስልተዋል። ዛሬ በጂፒኤስ የሚለካው ፍጥነት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ሁልጊዜ በዚህ ፍጥነት ቢሆን ኖሮ 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው።

በመፋተጊያ ዳርቻ ክፍተት ስለማይፈጠር ከጥልቅ የሚወጣ አለት የለም። ስለዚህ ዳርቻው ራሱ እሳተ ገሞራ አያመነጭም። ወደ ታች የሚሰጥም ፕሌትም ስለሌለ የመሬት መንቀጥቀጦቹ መነሻ ለላይኛው ምድር ቅርብ ነው። አደጋው የሚመነጨው ከሁለት ነገር ነው፤ ቀዝቃዛው አለት ወፍራም ነው፣ ስንጥቁም ረጅም ነው። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዓመታት ተቆላልፈው ከቆዩ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ይላቀቃሉ። ኢያሪኮን፣ ኢየሩሳሌምን እና ናብሉስን የጎዳው የ1927ቱ እንዲሁም በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የደረሰው የ1995ቱ መንቀጥቀጥ የዚሁ መስመር ውጤቶች ናቸው።

መስመሩ በሰሜን ጫፉ የምሥራቅ አናቶሊያ ስንጥቅ ከተባለው ጋር ይገናኛል። ዓረቢያ ወደ ሰሜን ስትገፋ በመካከል የተያዘው የአናቶሊያ ፕሌት፣ በሁለት ጣት መካከል እንደተጨመቀ ፍሬ፣ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ይህ ስንጥቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርዝመት ተቀደደ። መጠኑ 7.8 ነበር። ከዘጠኝ ሰዓታት ገደማ በኋላ በአቅራቢያው ሌላ ስንጥቅ 7.5 በሆነ መጠን ተናጋ። መንገዶች፣ የባቡር ሐዲዶችና የእርሻ ወሰኖች በብዙ ቦታ በርካታ ሜትሮች ወደ ጎን ተዛንፈው ተገኙ። ወደ ጎን መዛነፋቸው ራሱ የዳርቻውን ዓይነት ይናገራል።

በመጠን መለኪያው ላይ አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 7.8 የሆነ መንቀጥቀጥ 5.5 ከሆነው በቁጥር የሚበልጠው በ2.3 ብቻ ቢሆንም የሚለቀው ኃይል ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ነው።

ሦስተኛው ዳርቻ፦ ግጭት በዛግሮስ እና በማክራን

በሰሜን ምሥራቅ ዓረቢያ ከዩሬዥያ ፕሌት ጋር ትጋጫለች። ሁለቱ ፕሌቶች የሚቀራረቡት በዓመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ባለው ፍጥነት ነው። ግጭቱ ምን እንደሚያስከትል የሚወስነው በግንባሩ ያለው የምድር ቅርፊት ዓይነት ነው።

በዛግሮስ የሚጋጩት ሁለቱም አህጉራዊ ናቸው። አህጉራዊ ቅርፊት ከማንትል አለት ይልቅ ቀላል በመሆኑ በቀላሉ ወደ ጥልቅ አይሰጥምም። መሄጃ ሲያጣ ይጣጠፋል፣ ይደራረባል፣ ይወፍራል። የዛግሮስ ተራሮች የተሠሩት እንዲህ ነው። ከፍታቸው ላይ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ መገኘቱ በአንድ ወቅት በመካከል ባሕር እንደነበረ ይመሰክራል። የተጣጠፉት ንብርብሮች ቅስት በሠሩበት ቦታ ነዳጅ ዘይት ተጠራቅሞ ይገኛል፤ በርካታዎቹ የኢራን የነዳጅ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በእነዚህ ቅስቶች ላይ ነው። ግጭቱ አሁንም ቀጥሏል። በኖቬምበር 2017 በኢራንና ኢራቅ ድንበር የደረሰውና ከ600 በላይ ሰዎችን የገደለው 7.3 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ የዚሁ ግፊት ውጤት ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ በኢራንና በፓኪስታን የባሕር ዳርቻ፣ ማክራን በተባለው ስፍራ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የዓረቢያ ፕሌት ግንባር የኦማን ባሕር ወለል ነው። የባሕር ወለል አለት ከባድና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከዩሬዥያ ሥር ይሰጥማል። የሚሰጥመው ፕሌት በውስጡ የያዘውን ውኃ በጥልቅ ሲለቅ፣ ውኃው ከላይ ያለውን የማንትል አለት የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ከዳርቻው ራቅ ብሎ በምድር ውስጥ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኢራን፣ ታፍታን እና ባዝማን የተባሉ እሳተ ገሞራዎች ቆመዋል። በአፋር አለትን ያቀለጠው የግፊት መቀነስ ነበር፤ እዚህ ግን ውኃ ነው።

ሱናሚ የሚያሰጋውም ይህ ዓይነቱ ዳርቻ ነው። አንዱ ፕሌት በሌላው ሥር ሲላቀቅ የባሕሩ ወለል በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል በላዩ ያለውን ውኃ ያንቀሳቅሳል። በኖቬምበር 1945 በማክራን የደረሰው 8.1 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ እስከ ሙምባይ የደረሰ ሱናሚ አስነሥቷል። በኦማን ዳርቻ ያሉ ከተሞች ዛሬም የሱናሚ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳርቻ ሁሉንም ነገር አይገልጽም

ሦስቱን ዓይነት ዳርቻ መለየት አብዛኛውን ነገር ቢያስረዳም ሁሉንም አያስረዳም። በምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከቀይ ባሕር መካከለኛ መስመር ርቆ፣ ሰፋፊ የእሳተ ገሞራ ሜዳዎች አሉ። በ1256 ከእነዚህ በአንዱ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ወደ መዲና ከተማ ተጠግቶ ነበር። በ2009 ደግሞ ሐራት ሉነይር በተባለው ሜዳ በሺዎች የሚቆጠሩ መንቀጥቀጦች ተመዝግበው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደርጓል። እዚያም በአፋር እንደታየው ቅልጥ አለት እንደ ግድግዳ ሆኖ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈነዳ ከምድር በታች ቆመ። ከፕሌቱ ሥር ያለው ማንትል በጋለበት ስፍራ እሳተ ገሞራ ከዳርቻ ርቆም ሊኖር ይችላል።

ሌላው ገደብ የጊዜ ጉዳይ ነው። ፕሌቶች በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጓዙ በትክክል ይለካል፤ አንድ ስንጥቅ በየትኛው ቀን እንደሚላቀቅ ግን አስቀድሞ የሚናገር ዘዴ የለም። በዚህ ረገድም ዳርቻዎቹ ይለያያሉ። በስምጥ ሸለቆ ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ ብዙውን ጊዜ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ለቀናትና ለሳምንታት ይከታተላሉ፣ መሬትም ታብጣለች ወይም ትሰምጣለች፤ ይህንንም መሣሪያዎችና ሳተላይቶች ሊያዩት ስለሚችሉ ነዋሪዎችን ለማራቅ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። በመፋተጊያ ስንጥቅ ላይ ግን ዋናው መንቀጥቀጥ ያለ ግልጽ ምልክት ሊመጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሊደረግ የሚቻለው ሕንጻዎችን እንዳይፈርሱ አድርጎ መሥራት ነው። በማክራን ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ረጅም ጊዜ የቆየ ኃይለኛ ንዝረት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከባሕር ርቆ ወደ ከፍታ መውጣት እንዳለበት ያመለክተዋል።